የነሐሱ ድርሻ

ሻፍቱ፣ የሞተሩን ዙር ለፓምፑ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ከሁለተኛው ፓምፕ ወጥቶ የጥገና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በተጋደመ ዕለት ኢንጂነሯ ጠጋ ብላ አላየችውም። መስኮቱ ዘንድ ቆማ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ባሏ በእጁ የሠራው የመጨረሻው ሥራ ነበር።

ባሏን በውኃ ጣቢያው ሁሉም «ሚሊ» እያለ ነበር የሚጠራው። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ዕድሜውን ሲፈጅ «ትንሽ ይቀረዋል» ሲል የሰማው የለም። «ግማሽ ሚሊ ይቀረዋል» ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ሻይ ስትቀዳለት እንኳ «አንዲት ሚሊ ጨምሪበት» ይላት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆዱን አሞት በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ፤ በእግሩ አልተመለሰም። እነሆ ዓመት አልፎታል።

«እትዬ፣ ባዕድ አደረግሽው እኮ፤ ነይ እንጂ» አለ ግሪስ። ግሪስ የጣቢያው አሮጌ መካኒክ ነው። ስሙን ያወጣለት ልብሱ ነው፤ ታጥቦም አይለቀው።

«አየዋለሁ» አለች፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

የክፍሉ ኃላፊ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ ችኩል፣ ክፋት የሌለበት ሰው። «እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ ከጀመረ ደግሞ የሚያስቀይም ነገር አለ ማለት ነው። «ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ይዘላል። ሞተሩ ይዞራል፣ ሻፍቱ መጀመሪያ ይጠማዘዛል፣ ፓምፑ ከዚያ በኋላ ነው በድንገት ተስቦ የሚነሳው። ሻፍቱ ደክሟል። ነሐሱን አቅልጠን፣ ብረቱን ቁርጥራጭ ውስጥ ጥለን፣ ወፍራም ብረት እናስገባ ባይ ነኝ።»

«ወፍራም ብረት ብታስገባ ውኃው ይበላዋል። ነሐስ የለበሰው ለዚያ ነው።»

«አዎ፤ ልብስ ነው። ልብስ ደግሞ ሸክም አይሸከምም። የሚሠራው ውስጡ ያለው ብረት ነው፤ እሱ ደግሞ ቀጥኗል።»

ኢንጂነሯ አሁን ወደ ጠረጴዛው መጣች። መዳፏን ነሐሱ ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ልብስ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ከሁለቱ ብዙውን የሚሸከመው ነሐሱ ነው።»

ግሪስ ሳቀ። «እትዬ፣ ነሐስ እኮ በጥርስም ይነከሳል!»

«አንተ ንከሰው፤ እኔ እለካዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «አንድ ፈተና ፍቀድልኝ። አንደኛውን ጫፍ እናስረዋለን፣ በሌላው ጫፍ ክብደት ሰቅለን እንጠመዝዘዋለን። ዛሬ ማታ የሚጠማዘዘውን ልክ አሰላለሁ። ነገ ሻፍቱ ያንን ልክ ከሰጠ ወደ ፓምፑ ይመለስ።»

«ካልሰጠስ?»

«ካልሰጠ» አለች፣ «ወደ ቁርጥራጭ ይጣል የሚለውን ወረቀት እኔ እፈርማለሁ።»

ማታ ራቷን በልታ ጠረጴዛውን ወለወለችና ወረቀት ዘረጋች። ከፊት ለፊቷ ያለው ወንበር እንደተገፋ ነው፤ ለማጽዳት ካልሆነ አትነካውም። እህቷ ደውላ «ብቻሽን ምን እየሠራሽ ነው?» ስትላት «ሥራ» አለቻት፤ እህቷም «በርቺ» ብላ ዘጋች።

ስሌቱን ታውቀዋለች። ሻፍቱ ሲነደፍ ያሰላችው እሷ ናት። ብረቱና ነሐሱ በሁለቱም ጫፍ ካሉት ክብ ማያያዣዎች፣ ከፍላንጆቹ ጋር ስለታሰሩ አንዱ ከሌላው ተለይቶ መጠማዘዝ አይችልም። ብረቱ አንድ ዲግሪ ከዞረ ነሐሱም አንድ ዲግሪ ይዞራል። ሸክሙን የሚያካፍላቸው ይህ የግድ አብሮ መዞር ነው፤ ለመጠምዘዝ ይበልጥ የሚያስቸግረው ይበልጥ ይሸከማል። ብረት በባሕርዩ ከነሐስ እጥፍ ያህል ግትር ነው። ነሐሱ ግን ውጪ፣ ከመሐሉ ርቆ ነው ያለው፤ ውፍረቱና ርቀቱ ተደምረው የአራት እጥፍ ብልጫ ይሰጡታል። አራቱ ለሁለት ሲካፈል ሁለት። ብረቱ አንድ እጅ ሲሸከም ነሐሱ ሁለት እጅ።

ይህን ለሚሊ ያስረዳችው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አዳምጦ አዳምጦ «ታዲያ ለስላሳው ነው የሚሸከመው በይኛ!» ብሎ በደስታ ጠረጴዛውን መታው፤ ሻዩ ፈሰሰ።

አሁን በጸጥታ አሰላች። አርባ ኪሎ ከሻፍቱ ጎን በሚወጣ የአንድ ሜትር የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ሲሰቀል፣ የክንዱ ጫፍ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር መውረድ አለበት። ቁጥሩን ከበበችና መብራቱን አጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት ግሪስ በሞተሩ በኩል ያለውን ፍላንጅ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ጠረቀመው። በፓምፑ በኩል ያለው ጫፍ በቤሪንግ ላይ ተቀምጦ በነጻነት እንዲዞር ሆነ፤ ክንዱ እዚያ ተገጠመ፤ ከክንዱ ጫፍ ጎን የብረት ማስመሪያ ቆመ። ግሪስ ክብደቶቹን አንድ በአንድ ሰቀለ። ክንዱ ወረደ። ኢንጂነሯ በርከክ ብላ አነበበች። ድጋሚ አነበበች።

«ስንት?» አለ ኃላፊው።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

ግሪስ የማያስፈልግ ብሎን አንስቶ ይወለውል ጀመር። ኃላፊው ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እህቴ… ለማንም ቢሆን ከባድ ነው። ወረቀቱን ቢሮ አምጪልኝ፤ አትቸኩይ።» ይህን ብሎ ወጣ። ደግነቱ ከንግግሩ ይልቅ ከበደባት።

ግሪስ ክብደቶቹን አወረደ። ክንዱ ተነሳና በትክክል ዜሮው ላይ ቆመ።

ሚሊ ተሳሳተ? እሱ ግማሽ ሚሊ የማያልፍ ሰው፣ ሃያ ስድስት ሚሊ? ማስመሪያውን ነቅላ ልትመልሰው እጇን ዘረጋችና መሐል ላይ አቆመችው።

«ግሪስ፣ ዜሮ ላይ ተመለሰ አይደል?»

«ተመለሰ። ፀጉር ታህል አልሳተም።»

«የደከመ ብረት እኮ እንዲህ አይመለስም። ተጣሞ ይቀራል።» ከበረከከችበት ተነሳች። «ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ማለት የአሥራ ሦስት ሦስት እጥፍ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ነሐሱ፣ አንዱን ብረቱ ነው የሚሸከመው ብዬ ነው ያሰላሁት። ብረቱ ሦስቱንም ብቻውን ቢሸከም ምን ያህል ይጠማዘዛል?»

ግሪስ በጣቶቹ ቆጠረ። «ሦስት እጥፍ?»

«ልክ ሦስት እጥፍ። ነሐሱ ምንም አልያዘም። ብረቱን ከብቦ ተቀምጧል እንጂ አብሮት አይጠማዘዝም።»

የስፌት መርፌ የሚያህል መጫሪያ አወጣች። በፓምፑ በኩል፣ ነሐሱ ከፍላንጁ አንገት ጋር በሚገናኝበት፣ ከነሐሱ ጀምራ መጋጠሚያውን ተሻግራ አንገቱ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ጫረች። ግሪስ ክብደቱን መልሶ ሰቀለ። መስመሯ መጋጠሚያው ላይ ተሰበረች፤ የአንገቱ ቁራጭ ከነሐሱ ቁራጭ አንዲት ሚሊ ያህል ፈቀቅ አለ። በሞተሩ በኩል እንዲሁ ጫረች። እዚያ ምንም አልተሰበረም።

«ቀለሙን ፋቀው» አለች።

ግሪስ ከአንገቱ ላይ አረንጓዴውን ቀለም ፋቀ። ከሥሩ በቅባት የተደፈነ ክብ ቀዳዳ ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። ነሐሱን ከፍላንጁ ጋር የሚያስሩት ሦስት ፒኖች አልነበሩም። ተሰብረው አይደለም። ቀዳዳዎቹ አንዴም ፒን ገብቶባቸው የማያውቅ፣ አፋቸው ያልተነካ ነበር።

ግሪስ ቆቡን አወለቀ። «ይህን ሻፍት ከጠረጴዛው አንስቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። እናንተ ሐኪም ቤት ነበራችሁ። ከተማው ውኃ ጠፍቶበት ይጮሃል። ያለቀ መስሎኝ ቀለም ቀባሁት።»

እሷ ግን እሱን አትሰማም ነበር። ሚሊ አንድ ልማድ ነበረው። የመጨረሻዎቹን ፒኖች አይመታም። ሁሉን አዘጋጅቶ፣ ቀዳዳውን ጠርጎ፣ «የራሴን ሥራ ራሴ አላሳልፍም» ብሎ እሷን ያስጠራታል። እሷ ከቢሮ ወርዳ ትለካለች። ከዚያ «ምታው» ትለዋለች፤ እሱም ይመታዋል። የዚያን ቀን እሷ ስብሰባ ላይ ስለነበረች «ከሰዓት እመጣለሁ» ብላው ነበር። ከሰዓት ሆዱን አመመው።

«አላጠፋህም» አለችው ግሪስን በመጨረሻ። «ሥራው ማለቁን ማን ይነግርሃል?»

ቀኑን ሙሉ ሠራች። የብረቱን ሁለት ጫፍ ስንጥቅ በሚያጋልጥ ቀለም ፈትሻ አንድም ስንጥቅ አጣችበት። ቀዳዳዎቹን አጸዳች፤ በባሏ ቶርኖ ላይ ሦስት ፒኖች አወጣች። ማሽኑ በሱ ቁመት ልክ ስለተተከለ ጣውላ ላይ መቆም ነበረባት። ክንዱን ዜሮ ላይ አድርጋ ፒኖቹን በየቀዳዳቸው አፍ አቆመች፤ መዶሻውን አነሳች። ከዚያ ቆመች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለ ግሪስ።

«የሚያይ ሰው።»

ግሪስ ሄዶ ኃላፊውን ጠራው። ወጣቱ ቀዳዳዎቹን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ስሌቱን አነበበ። ጆሮው ቀላ። «ልብስ አይደለም ማለት ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ መለኪያውን ተቀብሎ ሦስቱንም ፒን በየተራ ለካ፤ ሳይቸኩል፣ ምናልባት በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀና አለ።

«ልክ ነው። ምቺው።»

ቃሉ እሷ ለሚሊ ትለው የነበረው ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። መታችው።

ግሪስ አርባውን ኪሎ ሰቀለ። መጋጠሚያው ላይ ያለችው መስመር አልተሰበረችም። ኢንጂነሯ ማስመሪያውን ለማንበብ ጎንበስ ስትል ኃላፊው ቀደማት። «አሥራ ሦስት» አለ፤ ደግሞም ጮክ ብሎ፣ «አሥራ ሦስት! ይመለስ!»

ሻፍቱ ተመልሶ ሽፋኑ ተከደነበት። ፓምፑ ሲነሳ አልዘለለም፤ የረጋ ድምፅ አውጥቶ ሥራውን ያዘ። ግሪስ «አሁን ቢነክሱትም አይበላም» ብሎ ቀለደ፤ እሷም ፈገግ አለችለት። እጇን ታጥባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሻይ ጣደች። ጠረጴዛው ላይ ትናንት ቁጥሩን የከበበችበት ወረቀት እንዳለ ነበር። ሻዩን በአንድ ብርጭቆ ቀዳች፤ ተቀመጠች። ያልተነካውን ወንበር ቀና ብላ አየችው።

«አሥራ ሦስት ሚሊ» አለችው።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ብርጭቆዋ ላይ አንዲት ሚሊ ጨመረች።