የዓርቡ ሊፍት

የሕንፃው ተቆጣጣሪ የቁልፍ እሽግ ከወገቡ ስለማይለይ ነዋሪው ሁሉ «ቁልፌ» ይለዋል። ሰው አይጠላውም፤ ለተዘጋ ቧንቧ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ እያጉረመረመም ቢሆን ይመጣል። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ነገር ማሳጠር ይወዳል። ማስታወቂያ ሲጽፍ ለቃል ኪራይ የሚከፍል ይመስላል።

ማክሰኞ የሊፍት ጠጋኙ ደወለለትና ያረጁትን የሽቦ ገመዶች በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚቀይሩ ነገረው። ቁልፌ «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያም የሰማውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎ መግቢያው ላይ ለጠፈ፦ «በሳምንቱ መጨረሻ ሊፍት አይሠራም።»

ሰባተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ወረቀቱን ያዩት ከሐኪም ሲመለሱ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ከተጠገነ ገና ብዙ አልቆየም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ ደረጃ ደግሞ ፈጽሞ ተከልክለዋል። ታላቅ ወንድማቸው ከተማውን ለቆ ሩቅ አገር ልጁ ቤት ሊኖር ነው። ልቡ ደካማ ስለሆነ ፎቅ መውጣት አይሆንለትም፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጁ በመኪና ሲወስደው ከሕንፃው በር ላይ ቆመው ሊሰነባበቱ ተቀጣጥረዋል። በዚያ ዕድሜ ስንብት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥተው ግን አልተነጋገሩበትም።

«አንተ ቁልፌ፣ ይኼ ወረቀትህ አያስቸግረኝም አይደል?» አሉት።

«በሳምንቱ መጨረሻ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዓርብ ከሠራልኝ ሌላው ግድ የለኝም።»

ሁለቱም ያሰቡት ቅዳሜና እሑድን ነበር። ቁልፌም ሳቅ ብሎ ቦርሳቸውን ተቀበላቸው።

ዓርብ ጠዋት ቁልፌ የቧንቧ መክፈቻ ሊገዛ ወጣ ብሎ ሲመለስ የሊፍቱ በር በገመድ ታጥሮ አገኘው። ጠጋኙ ከላይ ማሽኑ ክፍል ውስጥ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ ይታገላል። ቁልፌ እያለከለከ ወጥቶ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው።

«በሳምንቱ መጨረሻ አላልኩህም?» አለ ጠጋኙ፣ ቀና ሳይል። «የእኛ ሳምንት ዓርብ ነው የሚያልቀው። ቅዳሜ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲያስነሳው ቁልፌ ለመነ። ሰውየው ወለሉ ላይ የተጠቀለሉትን አሮጌ ገመዶች አሳየው። አዲሱ ገብቶ እስኪፈተሽ ድረስ፣ ያም እስኪመሽ፣ ማንንም አያሳፍርም። ጥፋቱ የጠጋኙ እንዳልሆነ ቁልፌ ገባው፤ ከሁለታቸውም የጠየቀ የለም፤ «የትኛው ቀን?» የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረች የጎደለችው።

እትዬ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቁልፌ የሆነውን ነገራቸው። ወንበር ላይ አድርገን እናውርድዎት፣ ዘበኛውን እጠራለሁ ቢላቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ደረጃው የት ይበቃናል? እኔን ይዛችሁ ስትወድቁ ሦስት ቀብር ይሆናል። ደግሞ ሐኪሙ ምን ይለኛል?»

ቀልዱ አፋቸው ላይ ቀረ፤ ዓይናቸው አልሳቀም።

መኪናው ሲመጣ ቁልፌ ሮጦ ወረደ። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰማ ወደ ደረጃው አመራ። ሁለተኛውን ፎቅ ሳይጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ልጁ ደግፎ አስቀመጠውና «አባዬ፣ በቃ፣ ይቅርብህ» አለው። ቁልፌ ከጎኑ ቆሞ የሚገባበት ጠፋው። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ግን እስትንፋሱን እየጠበቀ ነበርና አልሰማውም።

ጉዞው እስኪመሽ አይጠብቅም ነበርና ስንብቱ በስልክ ሆነ። እትዬ በረንዳው ላይ ወጥተው በአንድ እጃቸው የብረት መከላከያውን፣ በሌላው ስልኩን ያዙ፤ ወንድማቸው ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በመዳፉ ፀሐይ ከልሎ፣ ያናግራቸው ጀመር። ቁልፌ አስፋልቱ ላይ ቆሞ የሚሰማው የወንድምየውን ብቻ ነው።

«አየሁሽ፣ እታለም፣ አየሁሽ። ምነው ቀጠንሽ?... በቃ አታልቅሺ፣ አልኩሽ እኮ... እመጣለሁ፣ ክረምቱ ሲያልፍ እመጣለሁ።»

መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲሰወርም እትዬ ስልኩን ከጆሯቸው ዝቅ አላደረጉም።

ሲመሽ ቁልፌ ያቺን ወረቀት አንስቶ ሌላ ጻፈ። ቀኑን ከነቁጥሩ፣ ሰዓቱን ከጠዋት እስከ ማታ፣ በትልልቅ ፊደል አሰፈረ። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አየው። ሥራው አልቋል፤ ሊፍቱም ይሠራል፤ ማን ያነበዋል? ቀዶ ጣለውና በአዲሱ ገመድ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ወጣ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ ሹራቡን አላወለቁም። ይቅርታውን ሳያቋርጡ ሰሙት፤ ተሳድበው ቢሆን ይቀለው ነበር።

«ክረምቱ ሲያልፍ እመጣለሁ አለኝ» አሉ።

ቁልፌ መቼ እንደሆነ ሊጠይቅ ቃጣው።

«አትጠይቀኝ» አሉት ቀድመው። «እኔም አልጠየቅሁትም።»