የዜማ ደራሲው ልጅነት በስምንት ደቂቃ

እድላዊት ትምህርቷን ጨርሳ አርባ ምንጭ ውስጥ በነበረ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የተቀጠረችው በ1988 ዓ.ም. ነው። የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደሥላሴ የሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚያቀርቡበት ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበራቸው። ድምፃቸው ወፍራምና ግርማ ያለው ስለሆነ ጽሑፉን ማንም ይጻፈው፣ በቀጥታ ስርጭት የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። በፕሮግራሙ የቀረበ ሰው ሁሉ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለሙያው ልዩ ፍቅር ነበረው። ገበሬው ለሞፈር፣ ዳኛው ለፍርድ፣ ጡረታ የወጡት ድሬሰር ሳይቀሩ ገና ጡት ሳይጥሉ ለመርፌ ልዩ ፍቅር ነበራቸው።

አሁን ተራው የዜማ ደራሲው የአቶ ኤርጫፎ ነበር። ዘፈኖቻቸውን አገር ያውቃቸዋል፤ እሳቸውን ግን ከሲቀላ ሰፈር ጎረቤቶቻቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ወልደሥላሴ እድላዊትን ጠርተው የሰውየውን ልጅነትና ወጣትነት በስምንት ደቂቃ እንድትጽፍ አዘዟት። ስለ ሙዚቃ ምንም የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጊ፣ መግቢያውን ግን እኔ አውቀዋለሁ አሏት።

አቶ ኤርጫፎ ቤታቸው ስትሄድ በደስታ ተቀበሏት። ገና በልጅነታቸው ሙዚቃ ይወዱ እንደነበር ስትጠይቃቸው ግን ሳቁ።

«ልጄ፣ እንደ ሙዚቃ የምጠላው ነገር አልነበረም» አሏት።

የተወለዱት ከካምባ ከተማ በላይ ባለ የደጋ መንደር ነው። በመንደሩ ዋሽንት የሚነፋው በቡድን ነበር። የአንዱ ሰው ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ሰውየው ተራው ሲደርስ ያቺኑ ድምፁን ነፍቶ ዝም ይላል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል። ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራቸው ሲያስገቡ ነው። ብቻውን ዜማ መንፋት የሚችል ማንም የለም። አባታቸው አንዷን ዋሽንት አሸከሟቸው። ልጁ ኤርጫፎ ተራውን ከመጠበቅ በቀር ምንም አይሰማም ነበር። በአንድ የመስቀል በዓል ላይ፣ ጥጋብም ድካምም ተጨምሮበት፣ ቆሞ እንዳለ አንቀላፋ። ዜማው መሐሉ ላይ ተሸነቆረ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«የነቃሁት በዝምታው ነው» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «እኔ የጎደልኩበትን ቦታ ስሰማ፣ ዙሪያው ያለውን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።»

ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው ክፍተት ሲፈልግ ኖረ። ቤተሰቡ ወደ ቆላው ላንቴ ወርዶ ሙዝ ሲተክል፣ ከመስኖ ቦይ ጠራጊዎቹ ዘፈን ውስጥ ማን መቼ ትንፋሽ እንደሚወስድ ያደምጡ ነበር። ወጣት ሆነው በአንድ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ተቀጥረው ትሮምቦን መንፋት ሲማሩ፣ ዝምታም በኖታ ላይ ምልክት እንዳለውና እንደ ድምፅ ተለክቶ እንደሚጻፍ አወቁ። የመጀመሪያ ዜማቸውን ሲደርሱ ዘፋኙ ዝም የሚልበትን ቦታ አስቀድመው፣ ቃሉን ኋላ አስገቡ።

እድላዊት ጽሑፉን የት እንደምትጀምር ወዲያው ገባት። የጋዜጣ አንባቢ ያልገባውን ተመልሶ ያነባል፤ የሬዲዮ አድማጭ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ክፍተቱን ከመንገር ማሰማት ይሻላል፦ በመጀመሪያ ሙሉውን ዜማ፣ ቀጥሎ ያንኑ ዜማ አንድ ዋሽንት ጎድሎት፣ ከዚያ ማብራሪያውን። ከቴክኒሺያኑ ከሰሊሆም ጋር መቅረጫ ይዘው ወደ ደጋው ወጡ። ነፊዎቹ ሙሉውን በደስታ ነፉላቸው። ለሁለተኛው ግን ጎዶሎ መሆን የሚፈልግ ሰው ጠፋ። አገር በሚሰማው ሬዲዮ ተሰልፎ ዝም ማለት ለማንም ክብር አልመሰለውም። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ፣ ያልነፋው ተለምኖ እንጂ አንቀላፍቶ እንዳልሆነ ለመንደሩ በአዋጅ ከተነገረለት በኋላ እሺ አለ።

ጽሑፉ በታይፕ ተመታ። በግራው ኅዳግ ለሰሊሆም የሚሆነው ትእዛዝ ተጻፈ፤ የትኛው ቴፕ እንደሚገባ፣ የት ከንባቡ ሥር ዝቅ እንደሚል። በቀኙ የሚነበበው ሆነ። ዓረፍተ ነገሮቹ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቁ ነበሩ፤ ወረቀት ሲገለጥ ንባቡ እንዳይቆረጥም አንዱም ከገጽ ወደ ገጽ አልተሻገረም።

አቶ ወልደሥላሴ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። መግቢያው ላይ ድሃ ቤተሰቡንና ልዩ ፍቅሩን ጨመሩ፤ የካምባን የአየር ጠባይም አልረሱም። «አንቀላፋ» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «በጥልቅ ሐሳብ ተመሰጠ» ብለው ጻፉ። ለዚህ ሁሉ ቦታ እንዲገኝ ዋሽንቱ ይቀነስ አሉ።

እድላዊት አልተከራከረችም። እንደሚነበበው ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡልኝ፣ እኔ ሰዓት ልያዝ አለቻቸው። በደስታ ጀመሩ። በጨመሩት መግቢያ መሐል፣ ግስ ሳይደርሱ፣ ትንፋሻቸው አለቀ። ደገሙት፤ ካምባ ላይ ሳል ያዛቸው። ስምንቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሕፃኑ ኤርጫፎ ገና ክርስትና አልተነሣም ነበር። አቶ ወልደሥላሴ የወረቀቱ ፊደል ጥቃቅን ነው ብለው መግቢያውን ራሳቸው ሰረዙት፤ ዋሽንቱም ተመለሰ። ጥልቁን ሐሳብ ግን የታላቅ ሰው ክብር ነው ብለው አልለቀቁም።

የስርጭቱ ቀን እድላዊት ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ከሰሊሆም አጠገብ ቆመች። ሙሉው ዜማ አለፈ። ሁለተኛው ሲጀምር አቶ ወልደሥላሴ ቀጣዩን ገጽ ያሰናዱ ነበርና የትኛው ቴፕ ላይ እንደደረሱ ዘነጉ። ዜማው ሲሸነቆር ደነገጡ። ሲደገም ላብ አጠመቃቸው። በእጃቸው ቁረጠው እያሉ ለሰሊሆም ምልክት ሰጡ። ሰሊሆም ኅዳጉ ላይ የተጻፈለትን ነበርና የሚያየው፣ አልቆረጠም። አቶ ወልደሥላሴ ማይክሮፎናቸውን ከፍተው በግርማ እንዲህ አሉ፦

«ክቡራን አድማጮቻችን፣ በካሴቱ ብልሽት ምክንያት ለተፈጠረው መቆራረጥ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ከዚያ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ወደቀ፤ ወረቀት ላይ ያለን ነገር ደግሞ ሳያነቡ ማለፍ አይችሉም።

«ይህ የሰማችሁት ክፍተት የካሴት ብልሽት አይደለም» ብለው ቀጠሉ። «አንድ ልጅ ቆሞ አንቀላፋ።»

በድንጋጤ ያነበቡት ከቀይ ቀለሙ በታች በታይፕ የተመታውን ነበር። አድማጮች አንዴ ከሰሙት በኋላ መመለሻ አልነበረም። ቀሪውን እስከ ትሮምቦኑ በተሰበረ ድምፅ አነበቡት፤ እድላዊት እንደዚያ ሰው ሰው የሚሸት ንባብ ከእሳቸው ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያወርዱት ሠራተኞች የጎደለችውን ድምፅ ተራዋን ጠብቀው በፉጨት ሲሞሉ ዋሉ አሉ። ሲቀላ ያሉ ሻይ ቤቶችም ስለ አንቀላፋው ልጅ ሲያወሩ ሰነበቱ። አቶ ኤርጫፎ ራሳቸው ወደ ጣቢያው መጥተው የአቶ ወልደሥላሴን እጅ ጨበጡ። ሰው ሁሉ ጉድለቱን ልብ እንዲል ከማብራሪያው በፊት ይቅርታ መጠየቅ ትልቅ የዜማ ደራሲ የሚቀናበት ዘዴ ነው አሏቸው። ያሾፉ ይሁን ከልባቸው፣ እድላዊት መለየት አልቻለችም።

አቶ ወልደሥላሴ ግን ለደቂቃ አልተጠራጠሩም። ሰኞ ስብሰባ ጠርተው ዘዴውን ብዙ ካሰቡበት በኋላ እንዳመጡት ገለጹ። ከእንግዲህ የማንኛውም ሰው ታሪክ መሐሉ ላይ ክፍተትና ይቅርታ ይኑረው ብለው አዘዙ። ቀጥሎ የቀረቡት አንድ የታወቁ ንብ አርቢ ነበሩ። ስለ ማር አቆራረጣቸው ሲነገር ድንገት ዝም ተባለ፤ ለካሴቱ ብልሽት ይቅርታ ተጠየቀ፤ ቀጥሎም ብልሽት አለመሆኑ በወፍራም ድምፅ ተነገረ። ንብ አርቢው ሬዲዮናቸው የተበላሸ መስሏቸው በጥፊ መቱት፤ ያን ጊዜ እውነትም ተበላሸ።