ሦስት ክፍል፣ አንድ ካድሬ

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት ስለሚሰምጡ ሰዎች ነበር። ሁለተኛ ያሰብኩት ስለ ልጄ ስለ ኢፍቱ ነው። ኢፍቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። እንግዳ ተቀባይ ለመሆን አመለከተች። እኔ ደግሞ ናዝሬት ባለው የሆቴል ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነኝ፤ ስሜ ውዴ ነው፣ በሥራ ቦታ ጓድ ውዴ። የቃለ መጠይቁን መርሐ ግብር የማወጣው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ታድለሽ!» ይላል። መታደል ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ጭንቀቴ ሥራውን ማግኘቷ ብቻ አልነበረም። እኛ ጴንጤ ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንጸልየው። በየፈታኝ ኮሚቴው የሚቀመጠው የፓርቲው ተወካይ፣ ጓድ ቀነዓ፣ ደግሞ አመልካቹን ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይለቅም። «ሃይማኖት አለህ?» ይላል። ባለፈው ዓመት «አዎ» ያለ አንድ ልጅ ሥራውን ማጣቱ ሳያንስ፣ ለማብራሪያ ቀበሌ ተጠርቶ ማብራሪያው ሦስት ወር ፈጀ።

«ዝም ማለት ይቻላል እኮ» አልኳት ኢፍቱን።

«ከጠየቀኝ እመልሳለሁ።»

«እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ጓድ ቀነዓ የሚያየው አፍን ነው። ለእያንዳንዱ የሚፈልገውን ብትሰጪ ምን አለበት?»

«እማዬ፣ ከጠየቀኝ እመልሳለሁ።»

ይህን ግትርነት ከአባቷ ነው የወሰደችው። ከእኔ የወሰደችው ነገር እስካሁን አልታየም።

አመልካቾቹ ሠላሳ ስድስት ነበሩ። ከናዝሬት፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከሻሸመኔ። ያሉን ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ የጸሐፊዎች ክፍል፣ ስቶሩና ሒሳብ ክፍል። አዳራሹን የውይይት ክበቡ ለሳምንት ይዞታል። ኮሚቴውም ሦስት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ቃለ መጠይቅ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ሦስት ቦታ ይከፈላል። መጀመሪያ የሙያ ጥያቄ፣ መሃል ላይ የጓድ ቀነዓ ጥያቄ፣ መጨረሻ የአስተዳደር ጥያቄና ነጥብ መስጠት።

ችግሩ ኮሚቴው ሦስት ቢሆንም ጓድ ቀነዓ አንድ መሆኑ ነው። እሱ ካልፈረመ ነጥቡ አይጸድቅም።

ስለዚህ ክፍሎቹን አንድ ላይ አላስጀመርኳቸውም። አንደኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ ሁለተኛው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ፣ ሦስተኛው ሌላ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ። ጓድ ቀነዓ አንዱ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃውን ሲጨርስ ቀጣዩ ክፍል ለእሱ ይደርሳል፤ ሦስተኛውን ሲጨርስ አንደኛው ክፍል አዲስ ሰው አስገብቶ ይጠብቀዋል። ሥራውን በሁለት ቀን ከፈልኩት። በየመሃሉ የሻይ ዕረፍትና ማንም የማይገባበት ባዶ ጊዜ ተውኩ፤ ሰው ይዘገያል፣ መብራት ይጠፋል፣ አንዱ ይታመማል። ከሻሸመኔና ከነገሌ የሚመጡትን አውቶቡስ እስኪደርስ ብዬ ወደ ከሰዓት አደረግኳቸው። ኢፍቱን ከምሳ በፊት የመጨረሻዋ አደረግኳት። የራበው ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ኢተፋ ወረቀቱን አይቶ፣ «ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ችግር ከመጣ መያዣ ነው።»

«ምን ችግር?»

«እሱን ባውቀው ባዶ ቦታ አልተውም ነበር።»

ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓድ ቀነዓ ግን አልሳቀም። በመጀመሪያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አሰላ ስብሰባ ነበረበት፤ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ እዚያው። እርሳስ አወጣ። ባዶውን ቦታ ሰረዘ፣ ሻዩን ሰረዘ፣ ከዚያ ምሳውን ሰረዘ።

«አብዮቱ ዕረፍት አይወጣም» አለ። «በአንድ ቀን ይለቅ።»

ደመርኩት። በየክፍሉ አሥራ ሁለት ሰው፣ ያለ ምሳ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ያልቃል። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነበር።

«ጓድ፣ ከክፍል ክፍል የሚሄዱበት ጊዜ የለውም» አልኩ። «ሽንት ቤትም…»

«ሰፊው ሕዝብ ስንት ዓመት ታግሷል!»

ሰፊው ሕዝብ ሽንቱን ይዞ እንደነበር አላውቅም ነበር።

«ደግሞ» አለ እርሳሱን አንዱ ስም ላይ አሳርፎ፣ «ይቺ ልጅ ያንቺ ናት አይደል? የሠራተኛ ዘመድ የሆነ መጨረሻ ይግባ። አድልዎ አለ እንዳይባል።»

እንዲህ ሆኖ ኢፍቱ ከሁሉም የመጨረሻዋ ሆነች። የራበው ጓድ ቀነዓ ቀረ። አሁን የሚጠብቃት ሥራውን ጨርሶ የተዝናና ጓድ ቀነዓ ነው፤ እንደፈለገ የሚጠይቅ።

በቀጠሮው ቀን ደወል ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ሰዓት ሄደ። ጓድ ኢተፋ በሩን ከፍቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጋሽ ደሊል ገጠመን።

ጋሽ ደሊል የላንጋኖው የድሮ ሆቴል ዋና አስተናጋጅ ነው። የጸሐፊዎች ክፍል ውስጥ የሙያ ፈታኝ ሆኖ ተቀምጧል። ማንም በአፉ የሚነግረውን አያምንም፤ እንግዳ ተቀባዩም ትሪ መያዝ አለበት ባይ ነው። ውሃ የሞላ ብርጭቆ በትሪ ደርድሮ፣ አመልካቹን በጽሕፈት መኪናዎቹ መሃል ያዞረዋል። ከፈሰሰ ተወልውሎ እንደገና ነው።

ደወሉን ደወልኩ። «ጋሽ ደሊል፣ አሥር ደቂቃዎ አልቋል!»

«እንግዳ ላይ ሾርባ ሲደፋ ያን ጊዜ ደውይ!» አለኝ ከውስጥ።

ጓድ ቀነዓ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እሱ እዚያ ሲቆም ስቶሩም ቆመ። ስቶሩ ሲቆም ሒሳብ ክፍልም አዲስ ሰው አስገብቶ ቆመ። አንድ ትሪ ሦስት ክፍል አስቆመ ማለት ነው። የሰረዘው ባዶ ቦታ ይህን ሊውጥ የተተወ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ መዘግየት በሚቀጥለው ላይ እየተጫነ ሄደ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ የለም፣ ሻይ የለም፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ከአውቶቡስ የወረዱት የሻሸመኔና የነገሌ ልጆች ተጨምረው መተላለፊያ ጠፋ።

«እቴቴ፣ የኔ ሰዓት አለፈ እኮ» አለኝ አብዱናሲር የሚባል የሻሸመኔ ልጅ። «የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠኛል።»

«ያንተ ሰዓት አላለፈም፤ እኛ ነን ያልደረስንበት።»

ኢፍቱ ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። «አፍሽን ዝጊ» አልኳት ሳልፍ። «ማስቲካ ነው የማኝከው ብትይ ማስቲካ የለሽም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰው ቀረን፤ በየክፍሉ ሦስት። በዚህ መሃል ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ጫልቱ ሣጥኗን ታቅፋ መጣች።

«ክፍሌን።»

«ጫልቱዬ፣ ትንሽ ብቻ…»

«ዛሬ ደመወዝ ነው። ከግቢው በር እስከ ውጭ ሰልፍ ነው። ከፈለግሽ አንቺ ውጪና አብዮቱ ክፍሌን እንደያዘው ንገሪያቸው።»

ሒሳብ ክፍል ተወሰደ። ውጭ የጓድ ቀነዓ ላንድሮቨር ጥሩንባ ነፋ። ጓድ ቀነዓ ከጸሐፊዎች ክፍል ወጣ። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ድምፁ ሻክሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰው ሲጋራ ብቻ ነው።

«የቀሩት ነገ ይምጡ?» አልኩ።

«ነገ የለም። ያልተጠየቀ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።»

ይህን ጠብቄ ነበር። የከፋውን እጠብቃለሁ፣ የከፋው ደግሞ ቀጠሮ አያፈርስም። ጓድ ኢተፋ ግን ያለ በቂ እንግዳ ተቀባይ ሆቴል ሊከፍት መሆኑ ገባው። ላቡን ጠረገ።

«ጓድ፣ የሙያውንና የአስተዳደሩን ጥያቄ እኛ ቀስ ብለን እንጨርሳለን። የሚያስፈልገው የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። ዘጠኙን አንድ ላይ ቢጠይቋቸውስ?»

ጓድ ቀነዓ ሰዓቱን አየ። «ስቶር አስገቧቸው። ጓድ ውዴ፣ ቃለ ጉባኤ ያዢ።»

ስቶሩ ውስጥ የአዲሱ ሆቴል ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ዘጠኙ በፍራሾቹ መሃል ተደርድረው ቆሙ። ጋሽ ደሊል ትሪውን አስቀምጦ ገባ፤ የመኪናው ሾፌርም ምን እንደዘገየ ሊያይ ገባ። ኢፍቱ ከኋላ ናት። እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።

ጓድ ቀነዓ አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ አድርጎ ቆመ። አንድ በአንድ «ሃይማኖት አለህ?» ለማለት ዘጠኝ ጊዜ መክፈት የነበረበትን አፍ አንድ ጊዜ ከፈተው።

«ከኋላ ቀር እምነት ተላቃችሁ ሳይንሳዊውን አመለካከት የምትቀበሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

እጅ ወጣ። የማን እጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ በዚህ አገር ስብሰባ ላይ «እጃችሁን አውጡ» ሲባል እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ስምንቱ አወጡ። ጋሽ ደሊል አወጣ፤ ሰላቱን አንድ ቀን አስተጓጉሎ አያውቅም። ሾፌሩ አወጣ። የእኔም እጅ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወጥቶ አገኘሁት።

የኢፍቱ እጅ አልወጣም። ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇን ወደ ታች ይዛ ቆማለች። ከፊቷ የቆመው ረጅሙ አብዱናሲር ሁለቱንም እጁን አውጥቷል፤ አውቶቡስ ያስቸኮለው ሰው።

ጓድ ቀነዓ ቀና አላለም። ለዓመታት በቃሉ የያዘውን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። «የሚቃወም፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ የለም፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

«የሚቃወም» ያለው ጊዜ የኢፍቱ እጅ መነሳት ጀምሮ ነበር። «ጸድቋል» ሲል ከአብዱናሲር ራስ በላይ ደረሰ። ሌሎቹ ሁሉ አውርደዋል። አንድ እጅ ብቻ፣ የልጄ እጅ፣ በፍራሾቹ መሃል ቆሞ ቀረ። እግዚአብሔርን ለመንኩ፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ራሴን ብሰማ ኖሮ አፍሽን ዝጊ እል ነበር።

ጓድ ቀነዓ ያን ጊዜ አያት። ሽንቱ እንደያዘው ሰው ተቁነጠነጠ፤ ይዞትም ነበር።

«ጥያቄ ነው?» አላት።

ኢፍቱ አፏን ከፈተች።

«ለጥያቄ የተመደበ ጊዜ የለም!» አለና ነጥብ መስጫዎቹን ዘጠኙንም ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ፤ ከዚያ ወደ ግቢው ጀርባ ሮጠ። ላንድሮቨሩ ለረጅም ጊዜ ጠበቀው።

«ያዝሽ ጓድ ውዴ?» አለኝ ጓድ ኢተፋ።

«በሙሉ ድምፅ» አልኩ።

ከዚያ በቀጠለው የጋሽ ደሊል ፈተና ኢፍቱ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ሲመሽ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ፣ «እማዬ፣ እጄን ያወጣሁት ልጠይቅ አልነበረም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ልነግረው ነበር።»

«ሰዓት አልነበረውም። አንቺ ምን ታደርጊ?»

በሁለት ሳምንቱ የተቀጠሩት ስም ወጣ፤ ስሟ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ስድስት ሰው በአንድ ቀን ስለፈተነ ተመሰገነ፤ ለአትክልተኞችና ለጥበቃ ቅጥር ስልሳ ሰው በግማሽ ቀን እንድመድብ ታዘዝኩ። ባዶ ቦታ እንዳልተው በቀይ ተጽፎልኛል።

ኢፍቱ ሰኞ ትሄዳለች። ሆቴሉ እውሃው አፋፍ ላይ ነው አሉ። ዋና አትችልም። ማደሪያዋ ውስጥ ደግሞ ሦስት ልጆች አብረዋት ይሆናሉ፤ መጋረጃ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።