የአርባ ሰው አዳራሽ

እንጅባራ ላይ የተያዘው አዳራሽ ለሌላ ስብሰባ መሰጠቱ ሲሰማ፣ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ስማቸው አልተበሳጨም። እንዲያውም ቀለል አለው። ለዘይት መጭመቂያው ሥልጠና ስልሳ ሰው ተመዝግቧል፤ በምትኩ ዳንግላ የተገኘው የሆቴል አዳራሽ የሚይዘው አርባ ነው። ሃያ ሰው ፊት ለፊት ጠርቶ «እናንተ ቅሩ» ማለት ደግሞ ስማቸው የሚወደው ሥራ አይደለም፤ የቦታው ለውጥ ግን ሳይናገር ሰው ማስቀሪያ ሰበብ ሰጠው።

«ኢሜይል ጻፊ» አላት ፋናን። «ቦታው ተቀይሯል፣ የምትመጡ በድጋሚ አረጋግጡ በያቸው። ያላረጋገጠ ራሱን በራሱ አስቀረ ማለት ነው።»

«ግማሾቹ እኮ ገበሬዎች ናቸው፤ ኢሜይል መቼ ያያሉ? የሁሉም ስልክ አለኝ፣ በአንድ ጠዋት ደውዬ እጨርሳለሁ።»

«ከደወልሽማ ሁሉም እመጣለሁ ነው የሚሉሽ!» ብሎ ሳቀ። «ጎበዝ ልጅ አልነበርሽ? ምን ነካሽ ዛሬ?»

ፋና ጎበዝ ነበረች። ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ ያገኘችው ሥራ ይኼ ነው፤ ኮንትራቷ የሚታደሰው ደግሞ በስማቸው ፊርማ ነው። ቁጭ ብላ ጻፈች፤ ጥሩ አድርጋ ጻፈች።

«ውድ ተመዝጋቢ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በእንጅባራ ሊሰጥ የነበረው ሥልጠና ወደ ዳንግላ መዛወሩን እናሳውቃለን። ቀኑና ሰዓቱ አልተለወጡም። ቦታዎ እንዲጠበቅልዎ፣ ከታች የተጻፈውን የመመዝገቢያ ቁጥርዎን ጠቅሰው እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ይስጡ። እስከዚያ ያላረጋገጡ ሰዎች ቦታ ለተጠባባቂዎች ይሰጣል።»

ለስልሳውም በየስማቸውና በየቁጥራቸው ለየብቻ ላከችው።

መልሱ ተንጠባጠበ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያረጋገጡት ሠላሳ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ አንደኛው የመጣው ከጃዊ ነው፤ ከይኸነው፣ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ። ቆላው ውስጥ ኢሜይል ያለው ገበሬ ስለማይገኝ፣ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ይኸነው የራሱን አድራሻ ይሰጣል። ለዚህ ሥልጠናም ሦስት ሴቶችን ያስመዘገበው በዚያው በራሱ አድራሻ ነው። ሦስቱ ደብዳቤዎች በአንድ ርዕስ ስለተላኩ ስልኩ ላይ እንደ አንድ ተደራርበው ታዩት። የላይኛውን ከፈተና መልስ ሰጠ፤ «ደርሶናል። ሦስቱም እናቶች ዳንግላ ይመጣሉ። እናመሰግናለን።» ከሥሩ የተያያዘው ቁጥር ግን የአንዷ ብቻ ነበር፤ የካሳነሽ።

ፋና ኮምፒውተሩን ወደ ስማቸው አዞረችው። «ሦስቱም ይመጣሉ ብሏል።»

«ስንት ቁጥር ነው ያለው?»

«አንድ።»

«አንድ ነዋ በቃ!»

«አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም። ደውዬ የቀሩትንም ላክ ልበለው?»

«ለሱ ደውለሽ ለሌላው ካልደወልሽ አድልዎ ነው» አለ ስማቸው፣ አድልዎ የሚባል ነገር እንደሚያንገሸግሸው ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ወዲያው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የዘጠኝ ሰዎች ስም ነበረበት፤ ሁሉም የከተማ ሰዎች፣ ግማሾቹን ፋና ከእሱ ጋር ምሳ ሲበሉ አይታቸዋለች። «ተጠባባቂዎቹ እነዚህ ናቸው።»

ፋና የዘጠኙን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባች። አርባ ሞላ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ሴቶች በዋዜማው ዳንግላ አድረው፣ ነጠላቸውን አሳምረው ከማንም ቀድመው ደረሱ። ከፊት ያለችው ይመኙሽ ነበረች፤ የዘይት ማኅበራቸውን ያቋቋመችው፣ ፕሮጀክቱ የሚሰጣቸው መጭመቂያ ማሽን የሚተከልበትንም ቦታ ከጓሮዋ ቆርሳ የሰጠችው እሷ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ በጀርባ ታዝላ የመጣች፣ አሁን ጸጉሯ የሸበተ ሴት። ከኋላዋ ዘምዘም፣ ከዚያ ካሳነሽ።

ፋና በር ላይ ቆማ የሦስቱን ስም ዝርዝሩ ላይ ፈለገች፤ የሁለቱ እንደሌለ እያወቀች ፈለገች።

«ያረጋገጡት ወይዘሮ ካሳነሽ ብቻ ናቸው። እርስዎና እሳቸው ቦታችሁ ለሌላ ተሰጥቷል።»

«ምን አልሽ ልጄ?» አለች ይመኙሽ። «ይኸነው ሦስታችሁም አላችሁ ብሎናል።»

«ሦስቱም ይመጣሉ ብሎ ጻፈ እንጂ የሦስታችሁን ቁጥር አልላከም።»

«ይመጣሉ ማለቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

ፋና በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ከኋላ የከተማ ሰዎች መጥተው ቆመዋል።

«ማሽኑን እኮ ያልሰለጠነ ሰው እንዳይነካው ብላችሁ ያስፈረማችሁን እናንተ ናችሁ!» አለች ዘምዘም። «እኛ ምን ልናደርግ ነው? ቆመን ልናይ?»

«ሰልጥና ታሳያችኋለቻ።»

«ማን? ካሳነሽ?» ዘምዘም ሳቅ አመለጣት። «እሷ የጨው ዋጋ እንኳ አትነግርም!»

ካሳነሽ አልተቆጣችም። መታወቂያዋን አውጥታ ለፋና ሰጠችና በመካከላቸው ሾልካ ገባች።

ይመኙሽ ፋናን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «እናትሽ ለፍታ ያስተማረችሽ ለዚህ ነው?» አለቻት፣ ድምጿን ሳታነሳ። የከተማዎቹ ሰዎች ሰሙ። አንደኛው ፈገግ አለ።

«በሩን ልቀቁልኝ» አለች ፋና፤ ፊቷ እንደ እሳት እየነደደ።

እስከ ሻይ ሰዓት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከሻይ በኋላ ተጠባባቂ ተብለው የገቡት ዘጠኙ አንድ በአንድ ውልቅ አሉ፤ ፈርመዋል፣ አበል በፊርማ ነው። ለምሳ ሲነሱ ዘጠኝ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ስማቸው ወንበሮቹን አይቶ ተቅበጠበጠ፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር የሚመጡት እንግዶች ከሠልጣኞች ጋር ፎቶ ሊነሱ ነው።

«እነዚያ የጃዊ ሴቶች ካሉ አስገቢያቸው» አላት ፋናን። «መዝግቢያቸውም። ለሪፖርትም ሴት ያንሰናል።»

ፋና መጀመሪያ የጠየቀችው ካሳነሽን ነው። «ጓደኞችሽ የት አሉ?»

«ሄዱ» አለች ካሳነሽ፣ ዳቦዋን እያላመጠች። «ጃዊ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈሩ።»

በመስኮቱ ግን የሆቴሉ በር ይታያል። ይመኙሽና ዘምዘም ከአጥሩ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ዘምዘም ተኝታለች፣ ይመኙሽ አልተኛችም፤ አዳራሹን ታያለች። ካሳነሽም ፋና ወዴት እንደምታይ አየች። ማላመጧን አላቆመችም።

«ሦስት ሴት አንድ ማሽን ላይ ጠብ ነው እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ብቻ ስሆን ለእናንተም ይቀላል። የሚጠይቃችሁ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።»

እስከ በሩ ለመድረስ የሚያስፈልገው ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው። ፋና አሰበችው። ሄዳ «ግቡ» ብትላቸው ይመኙሽ ቀና ብላ እንዴት እንደምታያት አሰበች። ከዚያ ወዲያ ሥልጠናው እስኪያልቅ ያ ዓይን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሊውል ነው።

ወደ ስማቸው ተመለሰች።

«ሄደዋል» አለችው።

«አይ ገበሬ! ትንሽ አይታገሡም እኮ» አለ ስማቸው። ወዲያው የሆቴሉን አስተናጋጆች እየጠራ በባዶዎቹ ወንበሮች ላይ አስቀመጣቸው። እንግዶቹ ገቡ። ካሜራው ለፋና ተሰጣት።

«ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለች። «ፈገግ!»

ከሁሉም ቀድማ ፈገግ ያለችው ካሳነሽ ነበረች።