የርብቃ ሽፍታ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ በአበሾች መካከል አንድ ቀልድ ከተወለደ የሚቀብረው የለም። የርብቃ ቀልድ ከልጇ ከኤልሻዳይ ጋር በአንድ ሳምንት ተወለደ።

ሕፃኗ በተወለደች በማግስቱ ፊቷና ደረቷ ላይ ቁንጫ የነከሳት የመሰለ ቀይ ነገር ወጣባት፤ መሐሉ ላይ ነጣ ያለች ጫፍ አለችው። ርብቃ የአራስነት ወገቧን ይዛ፣ ጎረቤቷን ብሩክታዊትን አስከትላ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ሮጠች። ስዋሂሊዋ ለገበያ እንጂ ለበሽታ አይበቃም ነበርና፣ ደንግጣ በገዛ ቋንቋዋ «ሽፍታ! ሽፍታ!» አለች። በስዋሂሊ ደግሞ ሽፍታ ማለት መንገድ ላይ የሚዘርፈው ወንበዴ ብቻ ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዱላውን አንስቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

ኬንያዊቷ ነርስ ስቃ ስታበቃ ሕፃኗን አራቁታ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ አየቻት። ቀዩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣ ብሎ ተመልሶ ቀላ። ከዚያ በስዋሂሊ ስትናገር ናይሮቢ ያደገችው ብሩክታዊት ተረጎመች።

«ብዙ ጨቅላ ይሄ ይወጣበታል ትላለች። ዛሬ ደረቷ ላይ ነው፣ ነገ ጀርባዋ ላይ ልታገኚው ትችያለሽ። ምንም ሳትቀቢ በራሱ ይጠፋል። አፍንጫዋ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦችም ምንም አይደሉም፣ እንዳትጨምቂያቸው። ትጠባለች ወይ ትልሻለች።»

«ትጠባለች።»

ነርሷ ትኩሳቷን ለክታ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ግን ሳቋን ትታ አንድ ጣት አነሳች። ብሩክታዊትም ድምፅዋን ቀየረች። «ውሃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ነገር ካየሽ፣ ስትጫኚው የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጥብ ካየሽ፣ ገላዋ ከጋለ ወይ ከቀዘቀዘ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ አልነቃ ካለች፣ ያኔ አትቆዪ። እዚህም አትምጪ፤ ቀጥታ ሆስፒታል።»

ርብቃ ቃሉን እንደ ጥቅስ አጠናችው። ብሩክታዊት ደግሞ ሽፍታውን ይዛ ሄደች። እሑድ ርብቃ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። የመዘምራኑ መሪ ካሣሁን በር ላይ ጠብቆ፣ «እኅት ርብቃ፣ ሽፍታው ተያዘ ወይስ በዋስ ወጣ?» አላት። ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ ክፍል የሚሠራው ባሏ ናትናኤል እንኳ ከሥራ ሲገባ «ሽፍታዬ እንዴት ዋለች?» እያለ ልጁን ያነሳ ጀመር። ቀዩ ነገር ነርሷ እንዳለችው በጥቂት ቀን ጠፋ። ርብቃ ከሰው ጋር ሳቀች። ብቻዋን ስትሆን ግን ፊቷ ይቃጠል ነበር።

በዚያው ሰሞን እትዬ ፋናዬ ሊያርሷት ከሞያሌ መጡ። ናትናኤልን እናቱ ስትሞት ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ከአውቶብስ ሲወርዱ የታችኛው ከንፈራቸው ጥግ ላይ ምች ወጥቶባቸው ነበር።

«መንገዱን ሙሉ ፀሐይ በመስኮት መታኝ» አሉ። ከሻንጣቸው የደረቀ ዳማከሴ አውጥተው አሽተው ቀቡት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሕፃኗን ተቀበሉና መሐል አናቷን ሳሙ። ደግመው ሳሙ። ርብቃ አልከለከለችም። ምች የፀሐይ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል ብሎ የነገራት ማንም አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ርብቃ ሕፃኗን ስታጥብ አናቷ ላይ ትንንሽ ነገሮች ዳሰሰች። ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ አየች። በቀላ ቆዳ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የተጠጋጉ፣ ውሃ የቋጠሩ ናቸው። ነርሷ ለማስጠንቀቅ ያነሳቻት ጣት ታየቻት።

«እትዬ፣ ይሄንን ይዩልኝ። ውሃ ይዟል።»

እትዬ ፋናዬ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩ። «ሙቀት ነው፣ ልጄ። ኮፍያውን አጥብቀንባት ነው። አንድ ነገር ባየሽ ቁጥር ብትሮጪ ጡትሽ ይደርቃል።»

ብሩክታዊት በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች። «ምነው፣ ሽፍታው ተመለሰ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ርብቃም ሳቀች፤ ኮፍያውን አውልቃ ሕፃኗን አስተኛች። ቢያንስ እስከ ነገ ልየው አለች በልቧ። ያ ቀን አለፈ። ሌሊቱን ኤልሻዳይ ሁለት ሦስቴ ብቻ ሳብ ሳብ አድርጋ ጡቱን ተወች። ጠዋት ስትቀሰቀስ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነች። እትዬ ፋናዬ «ሰላማዊ ልጅ ናት» አሉ። እኩለ ቀን ላይ ቀኝ እጇ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ርብቃ እጇን ያዘችው። ተይዞም አላቆመም።

ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ልጇን አቅፋ ወጣች።

ሆስፒታል ዶክተሩ አናቷን አይቶ ጥያቄ አላበዛም። ከውሃው በጥጥ ወሰዱ፤ ደም ወሰዱ፤ ሕፃኗን እንደ ቀለበት አጥፈው ይዘው ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀዱ። መድኃኒቱንም ውጤት ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት በደም ሥሯ ጀመሩላት። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ከሥራ የመጣው ናትናኤል ተረጎመ። ቫይረስ ነው፤ ትልቅ ሰው ላይ ከንፈር አቁስሎ የሚድን፣ ጨቅላ ላይ ግን ወደ አንጎል የሚሄድ።

«ቤት ውስጥ ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ነበር ወይ ይላል» አለ ናትናኤል፤ ቃሉን ሳይጨርስም ገባው። ዶክተሩ መልሱን ከፊታቸው አነበበው።

«አብዛኛው ሰው ይዞት ይኖራል» አለ ቀስ ብሎ። «ሳያውቅ ነው የሚያስተላልፈው።»

«ትናንት ባመጣት ኖሮ?» አለች ርብቃ።

ናትናኤል ይሄንን አልተረጎመውም።

መድኃኒቱ ሦስት ሳምንት መግባት ነበረበት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ የተፈራው ሆነ፤ ቫይረሱ አንጎሏ ገብቷል። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ አናቷ ላይ ያለውም ደረቀ። ትኖራለች ተባሉ። ታይ እንደሆነ፣ ትሄድ እንደሆነ፣ ትናገር እንደሆነ ግን ጊዜ ነው የሚያሳየው ተባሉ።

ናትናኤል ኮሪደሩ ላይ ሚስቱን ክንዷን ያዛት። «ለእትዬ አትንገሪያቸው። አይችሉትም።»

«እኔስ ችዬው ነው?»

ናትናኤል ክንዷን ለቀቀ።

እትዬ ፋናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕፃኗ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ከንፈራቸው ድኖ ጠባሳ እንኳ ባልቀረበት ቀን ነበር። «የኔ እናት፣ የኔ ቡቃያ» እያሉ አልጋው ላይ ጎንበስ አሉ። ርብቃ መዳፏን በአፋቸውና በልጇ አናት መሐል አገባች። የሳሙት መዳፏን ሆነ።

«ምነው ልጄ?»

ርብቃ ልትዋሽ አስባ ነበር። እኚህ ሴት ግን ነገ የሌላ ሰው አራስ ቤት ይገባሉ፤ ሲገቡም ሕፃን ይስማሉ። «እትዬ፣ ምችዎ ነው» አለች። «ከከንፈርዎ ነው የገባባት።»

«ምች የፀሐይ ነው።»

«አይደለም አሉ። ይጋባል። ለጨቅላ ክፉ ነው።»

እትዬ ፋናዬ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጣታቸውን ምች የነበረበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «ሙቀት ነው ያልኩሽም እኔ ነኝ» አሉ።

«እኔም ሰማሁዎት። እያወቅሁ ሰማሁዎት። ቀልዱን ፈርቼ።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጠቅልለው ወደ አልጋው ግርጌ ሄዱ። ከዚያ ሆነው «ኤልሻዳይ» ብለው ጠሩ፤ ድምፃቸው ነጠላው ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ሕፃኗ ዓይኖቿን ገልጣ ነበር፤ የምታየው ግን ጣራውን ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

ርብቃ ቀኝ እጇን ያዘችላት። እጁ ረግቷል።

«ይቅረቡ፣ እትዬ» አለች። «እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ መያዝ ይችላሉ።»

እትዬ ፋናዬ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።