ጣት ከቃል ላይ

የላካችሁትን ኢሜይል መልሳችሁ ስታነቡ የምታነቡት የጻፋችሁትን ነው ወይስ ልትጽፉ ያሰባችሁትን? ቶሎ አትመልሱ። ሥራ አስኪያጃችን ጉድ የሆነው ቶሎ መልሶ ነው።

ታላቅ እህቴ የክትባት መጋዘን ኃላፊ ናት፤ እኔ እዚያው መዝገብ ቤት እሠራለሁ። እህቴ የሚደርሳትንም የምትልከውንም ኢሜይል ጮክ ብላ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች ታነባለች። መሥሪያ ቤቱ «እትዬ ጣት» እያለ ይስቅባታል።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከስልኩ ለሁላችን ላከ፦ «ነገ የመብራት ጥገና ስላለ የክትባቱ ማቀዝቀዣ እንዲጠፋ።»

የእህቴ ጣት የመጨረሻው ቃል ላይ ቆመ።

«ውስጡ ክትባት እያለ? ጄነሬተር እያለልን?»

ደወለች፤ አያነሳም። ማቀዝቀዣውን ጄነሬተር ላይ አደረገችና ለሁሉም መለሰች፦ «ኢሜይሉ ስህተት ሳይኖረው አይቀርም። ማቀዝቀዣው አልጠፋም።» ክትባቱ ተረፈ።

ምስጋናዋ ምን ሆነ? ሰኞ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ! «አለቃን በሐሰት በማዋረድ» ይላል። ሁለተኛ ቢደገም ከመጋዘኑ ትነሳለች። አሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው መጋዘን!

ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች።

«ጌታዬ፣ ኢሜይልዎን ያንብቡልን።»

«ምን ችግር አለው!» ስልኩን አወጣ። «ነገ የመብራት ጥገና ስላለ የክትባቱ ማቀዝቀዣ እንዳይጠፋ። ይኸው! ምኑ ነው ስህተቱ?»

ስልካችን ላይ የምናየው ሌላ፣ የምንሰማው ሌላ። ሰውዬው አልዋሸም፤ ዓይኑ ያሰበውን እያነበበለት ነው። ሲጽፍ ስልኩ ከፊደሎቹ በላይ ቃላት ደርድሮለት፣ ሳያይ አንዱን ነክቷል።

«አሁን ከኋላ ወደ ፊት» አለች እህቴ። «ጣትዎን ያድርጉበት። አንድ በአንድ።»

«እንደ ተማሪ?»

«እንደ እኔ።»

ጣቱን አስቀመጠ። «እን... ዲ... ጠፋ።» ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከኋላ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ አይጎትትህም፤ ቃሉ ብቻውን ራቁቱን ይቆማል።

«ይሄ... ይሄ ስልኩ ነው!» አለ።

«ስልኩ አቀረበ፤ የላኩት እርስዎ ነዎት» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ትርጉም የሚገለብጡ ቃላት ላይ ነው ጣት የሚቆመው፤ አይሁን ሲባል ይሁን የሚሉት፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ስም። እነሱ ላይ ጣት ካረፈ አያመልጡም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ በእህቴ ላይ አይደለም። እኔማ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ያቺ ናት እህቴ!

ከስብሰባው ስወጣ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚስቱን መልእክት በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ከእህቴ ፋይል ውስጥ አልወጣም። መዝገብ ቤት ስለሆንኩ በየቀኑ አየዋለሁ። ስለዚህ ጌታው፣ ስህተቱን ለሁላችን ልከውታልና መልሱንም ለሁላችን ይላኩ፦ ማስጠንቀቂያው የሚገባው ለማን ነው? ከመላክዎ በፊት ግን ጣትዎን አይርሱ።