«እንዲህ አትበሉ» የተባለው መልስ

ቤይቱና የሚባለው ድርጅት በሱዳን ዋና ከተማ ሪያድና አል-ጣኢፍ በሚባሉ ሰፈሮች ላሉ ቪላዎች የቤት ሠራተኛ ያገናኝ ነበር። ቢሮው እዚያው ከተማ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከፋርማሲ በላይ ነው። ሰባት ሰዎች ስልክና ዋትሳፕ ይመልሳሉ፤ ለአሠሪዎቹ በዓረብኛ፣ ለሠራተኞቹ በአማርኛ። እያንዳንዱ አፉ እንዳመጣለት ስለሚመልስ ሥራ አስኪያጁ በላይነህ ነገሩ አሳፍሮት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 መጀመሪያ ላይ ከሰባቱ አንዷን፣ ሀዲልን ጠራት።

«የአነጋገር መመሪያ ጻፊልን። ማንም ይመልስ ማን፣ የቤይቱና ድምፅ አንድ ይሁን። ኢንሻላህ በወር ውስጥ» አላት።

ሀዲል አባቷ መሐሙድ ሱዳናዊ፣ እናቷ ለተብርሃን ደግሞ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በሁለቱም ቋንቋ የምትጽፍ ከእሷ ሌላ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ሥራውን ወደደችው። የሦስት ወር መልእክት አገላብጣ አነበበች፤ ገጹን ለሁለት ከፍላ በቀኝ «እንዲህ በሉ»፣ በግራ «እንዲህ አትበሉ» አለች፤ ከሥር ምክንያቱን አስቀመጠች። ምሳሌዎቹ ሁሉ በእውነት የተላኩ መልሶች ነበሩ፣ ስማቸው ተፍቆ።

ሠራተኛ ለቀረችባት ደንበኛ አንዱ ልጅ «መዋሰላት አጥታ መንገድ ላይ ቀርታ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» ብሎ መልሶ ነበር። ሀዲል እሱን በግራ አድርጋ በቀኝ እንዲህ ጻፈች፦ «ጠዋት በሁለት ሰዓት ትደርሳለች ብለንዎት አልደረሰችም። ይቅርታ። አሁን ደውለን እስከ ሦስት ሰዓት የደረስንበትን እንነግርዎታለን።» ምክንያት፦ ይቅርታ ጥፋቱን በስሙ ይጥራ፤ ቀጥሎ ምን፣ መቼ እንደሚደረግም ይናገር። በሄደች ሠራተኛ ፋንታ ለምትላክ ሰው «ቅያሬ» የሚለውን ቃል ከለከለች። ሠራተኞቹም እንደ አሠሪዎቹ «እርስዎ» እንዲባሉ ጻፈች። በላይነህ እዚህ ላይ ሳቀ።

«ገረድ እርስዎ ልትባል?»

«አንድ ድምፅ ብለውኝ የለም እንዴ ኡስታዝ?» አለች፤ ቢሮው ውስጥ አለቃ የሚጠራው እንዲህ ነበር።

«ሐላስ፣ ይሁን። ቃል ምን ያስወጣል» አለና ተወው።

መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ጨመረች። በሰው አካል ላይ አደጋ ሲደርስ የተዘጋጀ መልስ አይላክም፤ የተጎዳችው ሰው የት እንዳለች ይጠየቃል፣ ወዲያው ለኃላፊው ይደወላል፣ እስኪያነሣም አይተውም ይል ነበር። ረቂቁን ለበላይነህ ላከችለት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሥልጠናው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ፋይሉ ተመለሰላት። የመጨረሻው ገጽ ወጥቷል። በምትኩ በላይነህ ራሱ የመረጠው ምሳሌ ገብቷል። በግራ፣ «እንዲህ አትበሉ» ከሚለው ሥር፦

«በሩ ተቆልፏል? እጅሽን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አቆዪው፣ ምንም ቅባት አትቀቢ። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ አሁን እየመጣሁ ነው። የራሴ ስልክ ይሄውልሽ።»

በቀኝ፦ «ስለ ገጠመዎት ችግር ከልብ እናዝናለን። ስሜትዎን እንረዳለን። ጉዳይዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል።»

የግራውን የጻፈችው ሰብለ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት ወይንሸት የምትባል ሠራተኛ ከአል-ጣኢፍ፣ አሠሪዋ እጇን በካውያ እንዳቃጠለቻት ጽፋ ነበር። ሰብለ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ይዛ ሄዳ አወጣቻት፤ ደንበኛይቱም ከቤይቱና ጋር የነበራትን ውል አቋረጠች። የቀኙን ግን የጻፈችው ሀዲል ናት። ለዘገየ ቀጠሮ፣ ለጠፋ ቁልፍ ብላ በገጽ አራት ያስቀመጠችው መልስ ነው። ምን ያህል ደጋግማ እንዳሳመረችው ትዝ አላት። «ምቾት ማጣት» የሚለውን አውጥታ «ችግር» ያደረገችው እሷ ነች። አሁን የተቃጠለ እጅ ላይ ተለጥፎ አየችው።

ወደ በላይነህ ክፍል ገባች። ፉል ሳንድዊች እየበላ ነበር፤ ዘይቱ ጣቶቹ ላይ ይፈሳል።

«ኡስታዝ፣ የሚመለከተው ክፍል የትኛው ነው?»

«ክፍልማ የለም» አለ ሳይሰቀጥጠው። «ቃሉ ነው የሚያረጋጋው። አንቺው እኮ ነሽ የጻፍሽው፣ ማሻአላህ እንዴት ያምራል። የድርጅቱ ባለቤት ወደውታል። የጥራት ኃላፊ ትሁን ብለዋል።»

«አደጋ ሲደርስ የሚለውን ገጽ ለምን አወጡት?»

«እሱ ገጽ ፖሊስ ያስጠራል። ደንበኛ ያባርራል። ሰብለ ያደረገችውን ሁሉም ቢያደርግ በሳምንት እንዘጋለን።» ጣቱን ላሰ። «ያላ፣ ግቢ፣ ልጆቹ ተቀምጠዋል።»

ሀዲል ተቃውማ ልትወጣ ስትችል ወደ ሥልጠናው ክፍል ገባች። ይሄን በኋላ ስታስበው ከሁሉ በላይ ያስጠላት ነበር። ፕሮጀክተሩን አበራች፤ ቅያሬ የሚለውን ቃል፣ የይቅርታውን አባባል አስተማረች፤ ልጆቹም ጻፉ። በመጨረሻ ያ ገጽ ግድግዳው ላይ ወጣ።

ሰብለ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አንብባ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን ዘጋች።

«የግራው የእኔ ነው» አለች። «ጥፋቱ ምንድን ነው?»

ሀዲል ከሥር በላይነህ የጻፈውን ምክንያት አነበበችላት። «ድርጅቱ ያልፈቀደውን ቃል ይገባል። የግል ስልክ ይሰጣል። እርስዎ አይልም።» የራሷ ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት።

«እሺ፣ የቀኙንም አንብቢው። እንደ ወይንሸት ሆነሽ። በሩ ተቆልፎብሻል፣ እጅሽ ተልጧል፣ ስልኩን በአንድ እጅ ይዘሻል።»

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው በላይነህ «ሰብለ፣ ይበቃል» አለ።

ሀዲል ማንበብ ጀመረች። «ስለ ገጠመዎት ችግር ከልብ እናዝናለን» አለች። «ስሜትዎን» ላይ ስትደርስ አቆመች። ማልቀስ አልነበረም፤ የበላችው ሊመጣ ነው። አፏን በእጇ ይዛ እስኪያልፍላት ቆመች።

«ይሄን ገጽ ሰርዙት» አለች ከዚያ። «የቀኙ ውሸት ነው። የሚመለከተው ክፍል የሚባል የለም፤ ሥራ አስኪያጁን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሰው ተጎድቶ የጻፈላችሁ ቀን ሰብለ እንደመለሰችው መልሱ።»

አንዲት ልጅ ብቻ ወረቀቷ ላይ የቀኙን መልስ ሰረዘች። በላይነህ ፕሮጀክተሩን ከሶኬቱ ነቀለና ሀዲልንና ሰብለን ከክፍሉ አስወጣቸው። ከቀትር በፊት ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። መመሪያው ግን አልተጣለም። በሳምንቱ ያ ገጽ እንዳለ ሆኖ ለአምስቱ ታደለ፤ ሽፋኑ ላይ የሀዲል ስም እንደተጻፈ ነበር፣ ማንም ሊፍቀው ስላላሰበ።

ወይንሸት ከወጣች ጀምሮ ሰብለ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ነበረች። ፓስፖርቷና ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አሠሪዋ ዘንድ ስለቀሩ ወደ መንገድ መውጣት ትፈራለች። ሀዲል በተባረሩበት ዕለት መጣች። የወይንሸትን እጅ ስታይ ቁስሉ ደርቆ የካውያውን ጫፍ ቅርፅ ይዟል።

«ክስ ልጻፍልሽ?» አለቻት። «ያለማስዋብ። ቀኑን፣ ቤቱን፣ ማን ምን እንዳደረገ።»

«ያምኑኛል?»

«አላውቅም።»

«ጻፊው» አለች ወይንሸት። በዓረብኛ ስድስት መስመር ሆነ። ሀዲል በአማርኛ አነበበችላት፤ ወይንሸት አንድ ቦታ ላይ «ሁለት ጊዜ ነው የነካችኝ» ብላ አስታረመቻት፤ ፈረመችበት።

ፖሊስ ጣቢያው ወረቀቱን ተቀብሎ እሑድ ተመለሱ አላቸው። እሑድ ሦስቱም ሄዱ። አሠሪዋ አልመጣችም፤ ሾፌሯ ፓስፖርቱንና ኢቃማውን በፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የጣቢያው መኮንን ወደ ወይንሸት ገፋላትና ክሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«የእጇስ ጉዳይ?» አለች ሀዲል።

«ወረቀቷን አገኘች አይደል?» አለ መኮንኑ።

ወይንሸት ፓስፖርቱን ገልጣ ፎቶዋን አየች፣ ከጡቷ ሥር ሸጎጠችው። «እንሂድ» አለች። ረክሻ ይዘው ወደ ቡሪ ተመለሱ። ሰብለና ወይንሸት ስለ ምሳ እያወሩ ነበር፤ ሀዲል ግን መሳቢያ ውስጥ የቀረው ክስ «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» እንደሚለው የራሷ መልስ ሆኖባት፣ አፏን የሞላውን ምራቅ መዋጥ አቅቷት የረክሻውን ሾፌር አቁሞ እንዲያወርዳት ለመነችው።